ኢንቦክስ የጻፈ ሁሉ ደንበኛ አይደለም

የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ላይክ አያጣም። ከአንድ ዐለት ተፈልፍላ የተሠራች፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ንጉሥ ከአፄ ይኩኖ አምላክ ጋር ስሟ የሚነሣ፣ ግድግዳዋ በጥንት ሥዕል ያሸበረቀ ቤተ ክርስቲያን ናት። ግን ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብላ ስለምትገኝ፣ 11ዱን የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የደከመ እንግዳ እሷን ለማየት ሌላ ግማሽ ቀንና መኪና ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ጠርቶት ማምጣት አለበት። ጥያቄው ያንን አንድ እንግዳ ለማምጣት ስንት ብር ወጣ የሚለው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። የገነተ ማርያም ሦስት ወጣቶች ከላሊበላ ተነሥቶ የሚመለስ የግማሽ ቀን ጉብኝት ይሸጣሉ እንበል። መኪናው፣ አስጎብኚው፣ መጨረሻ ላይ ገበሬ ቤት የሚፈላው ቡና ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ሰው 3,000 ብር ያስከፍላሉ። የመኪናው፣ የቡናውና የአስጎብኚው ሒሳብ ሲነሣ 1,200 ብር ይቀራል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። አንድን እንግዳ ለማምጣት ከ1,200 ብር በላይ ከወጣ፣ እንግዳው ተደስቶ ቢሄድም ወጣቶቹ ከስረዋል።

እንግዳ የሚያገኙት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የፌስቡክ ቡስት ነው፤ በሁለት ወር 12,000 ብር አወጡበት። 240 ሰው ኢንቦክስ ጻፈላቸው፣ ከነዚህ ውስጥ ከፍሎ የመጣው 6 ነው። ሁለተኛው የሆቴል ሪሴፕሽን ነው፤ እንግዳ ለላከላቸው ሠራተኛ በሰው 500 ብር ኮሚሽን ይሰጣሉ። ሪሴፕሽኑ ለ40 ሰው ነገረላቸው፣ 14ቱ መጡ፣ ኮሚሽኑ 7,000 ብር ሆነ።

ወር መዝጊያ ላይ ተቀምጠው «ምን እንቀንስ?» ሲሉ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠቁመው ኮሚሽኑን ነው። እጅ በእጅ ስለሚሰጥ ያንገበግባል። «ቁጭ ብሎ 500 ብር ይወስዳል» ይባላል። ፌስቡኩ ግን ስልኩ ላይ ደስ የሚል ነገር ያሳያል፤ Cost per result የሚል መስመር አለ፣ አጠገቡ ያለው ወደ ብር ሲመነዘር 50 ብር ነው። 500 የት፣ 50 የት!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ማስታወቂያው መልእክት እንዲያመጣ ከተዘዘ፣ ፌስቡክ «ውጤት» የሚለው የተጀመረ መልእክትን ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ የጠፋውንም ይቆጥራል። የመጣ እንግዳ ማን እንደሆነ ፌስቡክ አያውቅም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሒሳቡን በደብተር መሥራት ግድ ነው። ከጠየቁት ውስጥ ስንቱ ከፈለ የሚለው ኮንቨርዥን ሬት ይባላል፤ በፌስቡክ 6 ለ240 ሲካፈል 2.5 በመቶ፣ በሪሴፕሽን 14 ለ40 ሲካፈል 35 በመቶ ነው። የወጣው ብር ለከፈሉት ሰዎች ሲካፈል ደግሞ የአንድ ደንበኛ ወጪ ይሆናል፤ በፌስቡክ 2,000 ብር፣ በሪሴፕሽን 500 ብር። 50 ብር ይመስል የነበረው 2,000 ሆነ፣ ከ1,200ውም አለፈ።

ሁለቱን ደምራችሁ ብታዩት ግን ምንም ችግር አይታይም። 19,000 ብር ወጥቶ 20 ሰው መጣ፣ በአማካይ 950 ብር። ከ1,200 በታች ስለሆነ 5,000 ብር ተረፈ፣ እሰይ። ሪሴፕሽኑ የፌስቡኩን ኪሳራ ተሸክሞ ነው እንጂ! እኔ አማካይ ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት የማልወደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ፌስቡኩ ይዘጋ? ብትዘጉት ትርፉ ከ5,000 ወደ 9,800 ብር ያድጋል። ቢሆንም ቆዩ፤ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ግቡ። Ads Manager ላይ Breakdown የሚለውን ነክታችሁ በአገር ስትከፋፍሉት፣ 9,000 ብሩ እዚሁ አገር ውስጥ ላሉ ሰዎች፣ 3,000 ብሩ ውጭ ላሉት የወጣ ሆኖ አገኛችሁ እንበል። ከአገር ውስጥ 200 መልእክት መጥቶ የከፈለው 1 ሰው ነው። ከውጭ የመጣው 40 መልእክት ብቻ ነው፤ አብዛኛው ለገና ወይም ለቤተሰብ ጥየቃ የሚመጣ ዳያስፖራ፣ የከፈለው 5። እዚያ የአንድ ደንበኛ ወጪ 9,000፣ እዚህ 600። የሚቆረጠው እንግዲህ ፌስቡክ ሳይሆን የአገር ውስጡ ማስታወቂያ ነው። እሱ ብቻ ሲቆረጥ 19 ሰው ይቀራል፣ ወጪው 10,000 ይሆናል፣ ትርፉም 12,800 ብር። አንድ እንግዳ አጥቶ ትርፍን ከእጥፍ በላይ ማሳደግ ማለት ይህ ነው።

የአገሬ ሰው ገነተ ማርያምን ማየት አይፈልግም ማለቴ አይደለም። ገና ሲደርስ ከየአቅጣጫው በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ የሚገባውን ምእመን ሁሉም ያውቀዋል። እሱ ግን 3,000 ብር ከፍሎ በመኪና የሚጎበኝ እንግዳ አይደለም። ለእሱ የሚሆን ነገር ሳይኖራችሁ ማስታወቂያ ብታሳዩት ላይክ ያደርጋል፣ «ዋጋ» ብሎ ይጽፋል፣ በቃ።

የቀረውን 3,000 ብር ወዲያው 12,000 አድርጌ 20 ሰው አመጣለሁ ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። 5 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በአጋጣሚ 2 ቢሆን የአንድ ደንበኛ ወጪ 1,500 ይገባል። ደግሞም ማስታወቂያው መጀመሪያ የሚያገኘው ለመምጣት የቀረበውን ሰው ነው፤ ብር በጨመራችሁ ቁጥር ወደሚያመነታው ይሄዳል። ቀስ ብሎ፣ ለምሳሌ ወደ 4,500 ከፍ አድርጎ ማየት ይሻላል።

ሲቆጠር የሚዘነጋ ወጪም አለ። ማስታወቂያው የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ፣ ካርድ የሌለን ብዙዎች በብር ተቀብሎ ቡስት ለሚያደርግ ሰው እንከፍላለን። እሱ የሚይዘው ትርፍ ፌስቡክ ሪፖርት ላይ አይታይም። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው ዶላር ብዙ ብር ይጠይቃል፤ ስለዚህ የድሮውን የብር ሒሳብ ይዞ መቀጠል አይቻልም። እኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። እዚያ ማዶ ማስታወቂያው ብር እየበላ ይቀጥላል፣ መልስ የሚሰጥ ግን የለም። እንደዚያ ባለ ወር ኮንቨርዥን ሬት ቢወርድ ጥፋቱ የማስታወቂያው ስላልሆነ ያን ወር ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ቡስቱን ማቆም የሚችል ሌላ ከተማ ያለ ሰው ቢኖርም ጥሩ ነው። ኮሚሽን ግን ሰው ካልመጣ አይከፈልም።

አንድ የሚገባ ተቃውሞ አለ፦ «ሪሴፕሽን የላካቸው ሰዎች መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ አይተውን ቢሆንስ?» ሊሆን ይችላል። ግን ይሄም ይሰላል። የአገር ውስጡ ማስታወቂያ 9,000 ወጥቶበት ከአንዱ እንግዳ 1,200 መለሰ፤ 7,800 ብር ይጎድለዋል። በሪሴፕሽን የመጣ እንግዳ ኮሚሽኑ ተነሥቶ 700 ብር ያስገኛል። ጉድለቱ እንዲሸፈን ከ14ቱ የሆቴል እንግዶች 12ቱ ያንን ማስታወቂያ ባያዩ ኖሮ የማይመጡ መሆን አለባቸው። አስጎብኚው መኪና ውስጥ «መጀመሪያ ስለ ገነተ ማርያም ከየት ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱን በደብተር ይጻፍ። ማስታወቂያው ለሦስት ሳምንት ይጥፋና ሪሴፕሽን የሚልከው ሰው ይቀንስ እንደሆነ ይታይ። ሙከራው ግን በአንድ ወቅት ውስጥ ይሁን፤ የገናን ሰሞን ከየካቲት ጋር ካነጻጸራችሁ የለካችሁት በዓሉን ነው።