«ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል» ማለት ስንት ሰዓት ነው?

አራስ ጥየቃ የመጣ ዘመድ ከ«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ቀጥሎ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ «ሌሊት ያስተኛሻል?» እናቲቱ «አይ፣ ይነሳል» ካለች ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። ጡቷ አላጠገበውም፣ ጡጦ ይጀመርለት! ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ «የእኔ እኮ በዚህ ዕድሜው ለሽ ብሎ ነበር የሚያድረው» የምትል ጎረቤት አትጠፋም።

ጎረቤቲቱ ላትዋሽ ትችላለች። ጉዱ ያለው «ሌሊቱን ሙሉ» የሚለው አባባል ላይ ነው። ሙር እና ኡኮ የተባሉ ተመራማሪዎች በለንደን ሕፃናት ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት «አደረ» ብለው የቆጠሩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያልቀሰቀሰውን ሕፃን ነው። አምስት ሰዓት ብቻ። ማታ 2 ሰዓት የተኛ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ የጠባ፣ ከዚያ እስከ ንጋት 11 ሰዓት ዝም ያለ ልጅ በእነሱ መዝገብ «ሌሊቱን ተኝቷል»። እናቱን ጠይቋት እስቲ፤ «ዛሬም አላስተኛኝም» ነው የምትለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

በዚህ ልል መለኪያ እንኳ በ3 ወሩ «የሚያድረው» ከአሥር ሰባቱ ያህል ነበር። ካደሩትም ብዙዎቹ በኋላ ተመልሰው መነሳት ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ 388 ሕፃናትን ተከታትሎ፣ በ6 ወራቸው 38 በመቶዎቹ ስድስት ሰዓት እንኳ በተከታታይ እንደማይተኙ አሳይቷል፤ ዓመት ሲሞላቸውም 28 በመቶዎቹ ገና ነበሩ። በአእምሮም በአካልም እድገት ከሚተኙት ያነሱበት ነገር አልተገኘም።

አራስ ልጅ ቀንና ሌሊትን አይለይም። ያ መለየት የሚመጣው ከሁለትና ሦስት ወር ወዲህ፣ ቀስ በቀስ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን እንቅልፉ በየሰዓቱ ገደማ ይሳሳል፤ አንዱ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይተኛል፣ ሌላው ይጣራል። «ጎበዝ» የሚባለውም ይነቃል፣ ሰሚ የለውም እንጂ።

ጡጦ አዛዦቹ የማያዩት ሌላ ነገር አለ። ጡት ወተት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። የሌሊቱ ጡት በጡጦ ሲተካ ወተቱ ይቀንሳል፤ ከዚያ «አልነገርንሽም? አይበቃውም» ይባላል። የላም ወተት የሚያዙማ ይባስ ብለዋል፤ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውኃም አያስፈልገውም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያሳስብ የሚገባው እንዲያውም ለመጥባት የማይነሳው ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ከስድስት ጊዜ በታች የሚሸና፣ በሁለት ሳምንቱ የተወለደበትን ክብደት ያልመለሰ ከሆነ፣ «ተባረኪ፣ ያስተኛሻል» ተብሎ የሚመረቅለት ሳይሆን ጤና ጣቢያ የሚወሰድ ነው። ጠያቂው ዘመድ መጠየቁ ካልቀረ «ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና?» ይበል።