ብሩ ኪሳችን ውስጥ ስንት ቀን ያድራል? ሒሳቡን ግማሽ ድረስ ብቻ ለሚሠሩልን

አንድ የፈተና ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ገንዘብ በ27 በመቶ አደገ፣ ምርት በ6.4 በመቶ አደገ። የዋጋ ንረቱ ስንት ይሆናል?

የመጀመሪያ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ከ27 ላይ 6.4 ይቀንስና "20.6 በመቶ" ብሎ ይጽፋል። ማርኩንም ያገኛል። ነገር ግን ቁጥሮቹ ለፈተና የተፈጠሩ አይደሉም፤ የ2014 በጀት ዓመት የኢትዮጵያ ቁጥሮች ናቸው። በዚያ ዓመት ገበያው ያሳየን ንረት ደግሞ 34 በመቶ ገደማ ነበር። ተማሪው ማርኩን ወሰደ፣ ሕዝቡ 13 ነጥብ ተጨማሪ ከፈለ።

እነዚህ 13 ነጥቦች ከየት መጡ ሲባል ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንደኛው ወገን "ስግብግብ ነጋዴ ነው" ይልና መጋዘን ሊያሽግ ይሄዳል። ሌላው ወገን "መንግሥት ብር አተመ" ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢሆንም የታተመው ብር ከ27ቱ ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ትርፉን አያስረዳም።

ቀመሩን እንየው። ኢርቪንግ ፊሸር የሚባለው አሜሪካዊ በ1911 (በፈረንጆቹ) ያስፋፋው ሒሳብ በዛሬው አጻጻፍ ይህ ነው፦

M × V = P × Y

በአማርኛ፦ በአገሩ ያለው ገንዘብ፣ በዓመት ስንቴ እጅ እንደቀየረ ሲባዛ፣ ከዋጋና ከምርት ብዜት ጋር እኩል ነው። ተማሪው የቀነሰው ገንዘብንና ምርትን ብቻ ነው። V፣ ማለትም የብሩ የዝውውር ፍጥነት፣ አይለወጥም ብሎ አልፎታል። መምህሩም "ቋሚ ነው እንበል" ብሎት ነበር። ችግሩ ብዙዎቻችን "እንበል" የምትለዋን ቃል ረስተን የቀረውን ይዘን መውጣታችን ነው።

ቋሚ አልነበረም። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በወቅቱ ዋጋ 4.3 ትሪሊዮን ብር ገደማ፣ ገንዘቡ ደግሞ 1.35 ትሪሊዮን ገደማ ነበር። ሲካፈል 3.2 ይመጣል። በ2014 ምርቱ 6.2 ትሪሊዮን፣ ገንዘቡ 1.7 ትሪሊዮን ገደማ ሆነ፤ ሲካፈል 3.6። ይህን ወደ ቀን ስትመልሱት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። 365ን ለ3.2 ብታካፍሉ 114 ነው፤ ለ3.6 ብታካፍሉ 101 ነው። አንድ ብር ምርት ወደ መግዛት ከመውጣቱ በፊት በአማካይ 114 ቀን ያድር የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 101 ቀን ወረደ። ሰው ብሩን ለመያዝ ያለው ትዕግሥት በ13 ቀን አጠረ ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንደገና እንሥራው፤ በማባዛት እንጂ በመቀነስ አይደለም። መቀነስ የሚያገለግለው ቁጥሮቹ 2 እና 3 በመቶ ለሆኑበት አገር ነው፤ የእኛን ያህል ሲተልቁ ያሳስታል። ፍጥነቱ ባይለወጥ 1.27ን ለ1.064 ስናካፍል 1.194 ይወጣል። ትክክለኛው ትንበያ 20.6 ሳይሆን 19.4 በመቶ ነበር። ፍጥነቱ በ12 በመቶ ጨመረ ብለን ስናባዛው 1.337 ይሆናል፤ ማለትም 34 በመቶ ገደማ። ገበያው ካሳየን ቁጥር ጋር ገጠመ።

እዚህ ላይ ለራሴ ክርክር የማይመች ነገር ልናገር። V የሚሰላው ወደኋላ ነው፤ ሌሎቹ ከታወቁ በኋላ የቀረው ሁሉ እሱ ላይ ይጣላል። ስለዚህ "ገጠመ" ማለት "ምክንያቱ ተገኘ" ማለት አይደለም። ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ ከውጭ የሚገባው ዘይትና ስንዴ መወደዱ ዋጋውን ገፍተው ፍጥነቱን ያስከተሉትም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማየት ከቀመሩ ወጥቶ ሰዉ ብሩን ምን እያደረገው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከአስኮ ተነስታችሁ ቡራዩ ግቡ፤ ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ዞራችሁ ሱሉልታ ውረዱ፤ በአለም ገና አድርጋችሁ ሰበታ ድረሱ። በየግቢው ጣሪያ ያላገኘ ብሎኬት፣ ፕላስቲክ የለበሰ የፌሮ ክምር፣ በቤቱ ጥግ የተደረደረ ቆርቆሮ ታያላችሁ። ባለቤቱ ኮንትራክተር አይደለም፤ አስተማሪ፣ ሹፌር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ቡራዩ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ሦስት አራት ዘንግ ፌሮ ይገዛ ነበር። ቤት መቼ እንደሚሠራ ስጠይቀው ሳቀብኝ። "ቤት ማን አለህ? ቁጠባ ነው" አለኝ።

ሞኝ ነው? ሒሳቡን እንሥራለት። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ሺህ ያገኛል። በ100 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 134 ሺህ ሆኗል። የመግዛት አቅሙ በአንድ ዓመት አንድ አምስተኛ አነሰ። ደብተሩን ትቶ ፌሮ የገዛው ሰው ሒሳብ አዋቂ ነው። እሱ ያስረከበው ብር ግን ከአገር አልወጣም፤ ነጋዴው እጅ ገባ። ነጋዴውም ያንኑ ስለሚያውቅ ነገውኑ በሌላ ዕቃ ይለውጠዋል። V ሲጨምር በመሬት ላይ የሚመስለው ይህን ነው።

መሬቱስ? ብዙ ሰው "የሰበታ መሬት ነው ያናረው" ሲል እሰማለሁ። ነባር ቦታ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ የአገር ምርት ውስጥ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ከላይ ባሰላነው 3.6 ውስጥ በቀጥታ አይገባም። የሚገባው ሻጩ በተቀበለው ብር መኪና፣ ሲሚንቶና ከብት ሲገዛ ነው። ከብር ለመሸሽ በእነዚህ ከተሞች ቦታ የገዛው ሰው ደግሞ ከተሞቹ በሸገር ሥር ሲጠቃለሉ ምን እንደገጠመው አይተናል፤ በ2015 "ሕገወጥ ነው" ተብሎ የፈረሰው ቤት ብዙ ነው። በደብተር 20 በመቶ ከማጣት ሸሽቶ ሁሉን ያጣ አለ።

ወደ ብሔራዊ ባንክ ልምጣ። በነሐሴ 2015 ባንኩ የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ። የገንዘብ ዕድገትን ለመግታት ታስቦ ነው፤ ንረቱም በኋላ ቀንሷል፣ አልክድም። ግን ጣሪያው የተጫነው በM ላይ ብቻ ነው። ሰበታ ላይ የብሎኬት ማሽን ሊገዛ ብድር የጠየቀው ሰው ሲከለከል Yም አብሮ ይጎዳል። የአስቀማጩን 7 በመቶ ግን ጣሪያው አልነካውም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ገንዘብ በ14 በመቶ፣ ምርት በ8 በመቶ ቢያድግ ንረቱ ስንት ነው? ፍጥነቱ ካልተለወጠ 1.14 ለ1.08፣ 5.6 በመቶ። ፍጥነቱ እንደ 2014 በ12 በመቶ ከጨመረ 18 በመቶ። ሰዉ ተመልሶ ብሩን ማመን ጀምሮ ፍጥነቱ በ3 በመቶ ቢቀንስ 2.4 በመቶ። አንድ ዓይነት ጣሪያ፣ ሦስት የተለያየ ኑሮ። ጣሪያው ከተጣለ ወደ አንድ ዓመት ሲጠጋ፣ በሰኔ 2016፣ ዓመታዊው ንረት ገና 20 በመቶ አካባቢ ነበር።

ስለዚህ ባንኩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የገንዘብ ዕድገቱን በነገራችሁን ቁጥር ከጎኑ ብሩ ስንት ቀን እንደሚያድር አብራችሁ ንገሩን፤ አስቀማጩ ከንረቱ ተቀንሶ ምን እንደሚቀረውም ጻፉልን። ወዳጄ ፌሮውን አሁንም አልሸጠውም፤ ዝናብ እንዳያዝገው ግን በየክረምቱ ቀለም ይቀባዋል።