እጅ፣ ቀንና ሰባት ዓመት፦ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ስለ ምን ይፈርሳል?

በውርስ ክርክር ኑዛዜ ለፍርድ ቤት ሲቀርብ በቅድሚያ የሚመረመረው ሟቹ ፈቃዱን ሕግ ባዘዘው ሥርዓት መግለጹ ነው። የፈቃዱ ይዘት የሚታየው ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ስለዚህ የሟቹ ሐሳብ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ሳለ ሰነዱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ይህ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚገጥመውን፣ ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈውን ኑዛዜ ይመለከታል። የጸሐፊው አቋም ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥብቅ ሁኔታዎች አንዳንዶቹ ሊጠበቁ፣ አንዱ በአተረጓጎም ሊለዝብ፣ ሌላው ግን በሕግ አውጪው ሊሻሻል ይገባል የሚል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 880 ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል፤ እነርሱም በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ ናቸው። በግልጽ የሚደረገው በቁጥር 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብን፣ ይህ መፈጸሙና ቀኑ በሰነዱ ላይ መጠቀሱን፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረማቸውን ይጠይቃል። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ግን ምስክር አያስፈልገውም። በምትኩ ቁጥር 884 ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ ራሱ እንዲጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ እንዲነገርበትና በየገጹ ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት ያዝዛል። ምስክር በሌለበት የሰነዱ እውነተኛነት ዋስትና የተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ጥብቅነቱ ምክንያት አለው።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከተው። በድሬዳዋ ከዚራ የሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ እንበል። ከአባታቸው በውርስ ያገኙት ቤት አላቸው። ከመጀመሪያ ጋብቻቸው ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ አሁን የሚኖሩት ከሁለተኛ ሚስታቸው ጋር ነው። በአንድ ፊታቸው ብቻ በተጻፉ ሦስት ወረቀቶች ኑዛዜ አዘጋጁ። የመጀመሪያው «ኑዛዜ» የሚል ርእስ፣ «12/3/2009» የሚል ቀንና ፊርማ አለው። ቤቱ ለሚስታቸው እንዲሰጥ የሚለው ቃል ያለበት ሁለተኛው ወረቀት ተፈርሟል፤ ቀን ግን የለውም። ሦስተኛውን፣ የቀረው ንብረት ለልጆቹ የሚከፋፈልበትን ወረቀት፣ እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ የእኅታቸው ልጅ ጻፈችላቸውና ቀን አኑረው ፈረሙበት። በመጨረሻም ሁለት ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ። ሰውየው በጥር 2015 ዓ.ም. ሞቱ፤ ሚስትየዋም በዚያው ወር ሰነዱን ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አስረከቡ።

የመጀመሪያው ችግር ሦስተኛው ወረቀት ላይ ነው። ሕጉ «ሙሉ በሙሉ» ስለሚል የሌላ ሰው እጅ በገባበት ጊዜ ሰነዱ በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ መሆኑ ይቀራል። በግልጽ የተደረገ ነው እንዳይባል ደግሞ ምስክሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስለመነበቡም የተጻፈ ነገር የለም። ብዙ ኑዛዜዎች የሚወድቁት እንዲህ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ነው። ጽሕፈት ቤት ሄዶ በኮምፒውተር አስጽፎ መፈረምም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ቁጥር 885 በመኪና የተጻፈ ኑዛዜን የሚቀበለው ተናዛዡ ራሱ ጽፎት ይህንኑ በየገጹ በእጁ ሲያመለክት ነው። ጡረተኛው እጃቸው ሲደክም ሊወስዱት ይገባ የነበረው እርምጃ የጀመሩትን ትተው በግልጽ ወደሚደረገው ኑዛዜ መሻገር ነበር። ቃላቸውን ለሌላ ሰው እየነገሩ አስጽፈው በአራት ምስክሮች ፊት ማስነበብ፣ ወይም አንደኛው ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ በሁለት ምስክሮች መጨረስ ይችሉ ነበር። ይህ አማራጭ ክፍት ስለሆነ ፍርድ ቤቶች «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ቃል ቢያላሉ ጥቅሙ አይታየኝም። ሌላ ሰው የጻፈውን አንድ ገጽ መቀበል ከሞት በኋላ ገጽ ለሚለውጥ ሰው በር መክፈት ነው።

ሦስተኛውንም ወረቀት ራሳቸው ጽፈውት ቢሆንስ? ያን ጊዜ የጎረቤቶቹ ፊርማ ትርፍ እንጂ ጉድለት አይሆንም፤ በቁጥር 884 የሚጸና ሰነድ ምስክር ስለተጨመረበት አይፈርስም። ነገር ግን የሁለተኛው ወረቀት ቀን መጉደል ይቀራል። ቀን የሚፈለገው ተናዛዡ በዚያ ጊዜ ችሎታ እንደነበረው ለመለየትና ከሁለት ኑዛዜዎች የኋለኛውን ለማወቅ ነው። ድንጋጌው ቃል በቃል ሲነበብ አንድ ገጽ ቀን ቢያጣ ኑዛዜው ሁሉ ዋጋ ያጣል። በዚህ ላይ የምደግፈው ጠባብ ትርጉም ነው፤ ጉድለት ያለበት ገጽ ይውደቅ፣ የቀሩት ብቻቸውን ትርጉም ካላቸው ይጽኑ። ይህ ለሚስትየዋ አይጠቅምም፤ የእርሳቸው ስጦታ ያለው በጎደለው ገጽ ላይ ነውና። ለሌሎች ግን ፈቃድን ያተርፋል።

ቀን መኖሩ ብቻም አይበቃም። «12/3/2009» በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነበበ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። እንደ አውሮፓውያን ከተነበበ ግን መጋቢት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ይሆናል። በፈረንሳይኛ ተምረው በምድር ባቡር መዛግብት ላይ በአውሮፓውያን ቀን ሲሠሩ ለኖሩ ሰው ሁለቱም ንባቦች የሚያስኬዱ ናቸው። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት በላይ መሆኑ ከሌላ ድንጋጌ ጋር ያጋጨዋል፤ በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ ከተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። በመጀመሪያው ንባብ ሰነዱ በስድስት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ደርሷል። በሁለተኛው ግን ሊጠናቀቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አሥራ አራት ዓመት ሞልቶታል። ስለዚህ አቆጣጠሩ በዝምታ ሲታለፍ ፍርድ ቤቱ ተናዛዡ በሌሎች ወረቀቶቻቸው ላይ የተጠቀሙበትን ልማድ አይቶ እንዲወስን እንጂ ቀኑን እንደሌለ እንዳይቆጥረው እሟገታለሁ። ተናዛዥ ግን ወሩን በስሙ ጽፎ «ዓ.ም.» ቢያክልበት ይህ ክርክር ከነጭራሹ አይነሣም።

የሰባት ዓመቱ ገደብ ራሱ ግን በአተረጓጎም የሚድን አይደለም። ደጋፊዎቹ ያረጀ ፈቃድ የሟቹን የመጨረሻ ሐሳብ ላያሳይ ይችላል፣ ማስረጃም ይደበዝዛል ይላሉ። ሆኖም ሐሳቡን የለወጠ ሰው ወረቀቱን መቅደድ ወይም አዲስ መጻፍ ይችላል። በኑዛዜ መብት የሚጠይቅ ሰው መኖሩንና ይዘቱን የማስረዳት ግዴታ አስቀድሞም ስላለበት የማስረጃው ሥጋት በእርሱ ላይ ወድቋል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ደግሞ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። ሥርዓቱን ሁሉ አሟልቶ ሰነዱን በሣጥኑ የቆለፈ ሰው በዝምታው ብቻ ፈቃዱን እንዳያጣ ድንጋጌው ሊሻር ይገባል። እስከዚያው ድረስ ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ ወይ ማስቀመጥ፣ ወይ ሰባቱ ዓመት ሳይሞላ እንደገና በእጅ ጽፎ አዲስ ቀን ማኖር።

አንድ ወሰን መጠቀስ አለበት። ሟቹ ሙስሊም ከሆነና ተከራካሪዎቹ ፈቅደው በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ወደ ተጠናከረው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ኑዛዜው የሚለካው በእስልምና ሕግ ነው። ከላይ የተባለው በመደበኛው ፍርድ ቤት ለሚታይ ክርክር ነው።

በምሳሌያችን ኑዛዜው ከወደቀ ውርሱ ያለ ኑዛዜ ይከፈላል፤ ቤቱም የግል ንብረት ስለነበር ለሦስቱ ልጆች በእኩል ይደርሳል። የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ በሚደረግ ውርስ ወራሽ ስላልሆነ ሚስትየዋ ከቤቱ ምንም አያገኙም። የሚኖሩበትን ቤት ያሳጣቸው አንድ ቀን ያልተጻፈበት ወረቀትና ሌላ ሰው የጻፈው ገጽ ነው።