በቤይሩት ዙሪያ የተሰጠው የትምህርት ድጎማ ምን ለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ2016/17 የትምህርት ዘመን የቤይሩትን ዳርቻዎች በሚያቅፈው የሊባኖስ ተራራ ክፍለ ሀገርና በአካር፣ ከሰዓት በኋላ ለሚማሩ ሶርያውያን ተፈናቃይ ልጆች «ሚን ኢላ» የተሰኘ የገንዘብ ድጎማ ተሰጠ። የተመዝጋቢዎች ቁጥርም አደገ። ይሁን እንጂ ድጎማው ባልደረሳቸው አጎራባች ክፍላተ ሀገርም አድጓል። ስለዚህ ለድጎማው የሚቆጠርለት የሁለቱ ዕድገቶች ልዩነት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ አንዱ ወገን በ20፣ ሌላው በ19 ቢያድግ ውጤቱ 1 ነው። ስሌቱ የሚጸናው ግን ድጎማው ባይኖር ሁለቱም እኩል ያድጉ ከነበረ ነው፤ ይህም በቀደሙት ዓመታት አካሄዳቸው ይፈተሻል።

የክፍላተ ሀገሩን ወሰን ተከትሎ አጎራባቾችን ያነጻጸረው ጥናት በምዝገባ ረገድ ያገኘው ለውጥ ውስን ነበር። የተመዘገቡት ልጆች ትምህርት ቤት የሚገኙበት ጊዜ ግን በሳምንት ከ0.5 እስከ 0.7 ቀን ጨምሯል። የምዝገባውን ዕድገት ብቻ የቆጠረ ያልሆነውን አሞግሶ የሆነውን በሳተ ነበር።