«ደም ማነስ ያለበት አይግባ»

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ሊከፍተው ሽር ጉድ የሚልበትን ስፓ እንዳይለት ጋብዞኝ ነበር። እብነ በረዱ ያብለጨልጫል፣ የእንፋሎት ማመንጫው ተተክሏል፣ ፎጣው እንደ ሆቴል ፎጣ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ገንዘቡን አፍስሶበታል። ሙያዬ ትርጉም መሆኑን ስለሚያውቅ «እስቲ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ብሎ የአገልግሎት ዝርዝሩን ሰጠኝ፤ በዛሬው አነጋገር ሜኑውን ማለት ነው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ወረቀቱ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ 500 ቅጂ ታትሞ በካርቶን ተቀምጧል።

ወዳጄ አስተያየት የፈለገው በዋጋው ላይ ነበር። እኔን ግን ዓይኔን የያዘው በሞሮኮ ባዝ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው መስመር ነው። «ተቃራኒ ጠቋሚዎች፦ ደም ማነስ፣ ቁጥጥር የሌለው ደም ብዛት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና» ይላል። ይህን መስመር አንብቦ «እኔ ልግባ ወይስ አልግባ» የሚለውን የሚረዳ ደንበኛ ካለ እጄን እሰጣለሁ።

«ተቃራኒ ጠቋሚ» የሚባል ነገር በአማርኛ የለም። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል ለሁለት ሰንጥቆ ግራውን በግራ ቀኙን በቀኝ አስቀመጠው እንጂ አልተረጎመውም። የቃሉ ፍሬ ነገር ተራ ነው፤ «ይህን አገልግሎት መውሰድ የሌለባቸው ሰዎች» ማለት ነው። ይህስ ይሁን፣ ደንበኛው ቢያንስ ግር ብሎት ይጠይቃል። አደገኛው ሲያነቡት ግልጽ የሚመስለው ነው፤ እሱም «ደም ማነስ» የሚለው ነው።

እንግሊዝኛውን አየሁት። የሚናገረው ስለ ዝቅተኛ የደም ግፊት ነው። ተርጓሚው ለምን ሳተ? ከፍተኛ የደም ግፊትን ሕዝቡ «ደም ብዛት» ይለዋል፤ ሰውየውም የብዛት ተቃራኒ ማነስ ነው ብሎ ሄደ። በሰዋስው ደንብ ልክ ነው። በሐኪም ቤት ግን «ደም ማነስ» ሌላ ሕመም ነው፤ ብረት በማነስ ወይም በሌላ ምክንያት ደም ሲጎድል የሚመጣው፣ እንክብል የሚታዘዝለት ነው። እንግዲህ ውጤቱን አስቡት። የብረት እንክብል የጀመረች ደንበኛ ሜኑውን አንብባ ትመለሳለች። ከመቀመጫው ብድግ ባለ ቁጥር ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው ደግሞ ስሙን ስላላገኘው ይገባል። ደሙ በእርግጥ ክፉኛ የቀነሰ ሰውም ሐኪሙን ቢጠይቅ አይከፋም፤ መስመሩ የተጻፈው ግን ለእሱ አልነበረም።

ለምን ይህ ሁሉ ወሬ እንዳትሉኝ የእንፋሎት ክፍሉን ጠባይ ላንሳ። ሙቀቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ከ70 በላይ ከሚደርሰው ደረቅ ሳውና ጋር ሲነጻጸር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አየሩ በእንፋሎት የጠገበ ስለሆነ ላቡ አይተንም፤ ያልተነነ ላብ ደግሞ ገላን አያቀዘቅዝም። ሰውነት ሙቀቱን ለማስወጣት የቆዳውን የደም ሥሮች ይከፍታል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ተቀምጠው ሳሉ ምንም አይሰማም፤ ችግሩ የሚመጣው ሲነሱ ነው። ግፊቱ ቀድሞውንም ዝቅ ያለ ሰው እርጥብ እብነ በረድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ወዳጄ የሚኮራበት እብነ በረድ ላይ ማለቴ ነው።

አሁን «ቁጥጥር የሌለው» ወደሚለው ልለፍ። እንግሊዝኛው ሊል የፈለገው በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት ነው። «ቁጥጥር የሌለው ደም ብዛት» ሲባል ግን እንግዳ ተቀባይዋ የገባት «ደም ብዛት ያለበት ሁሉ» ነው፤ ጠይቄያት ነው የምለው። መድኃኒቱን በየጠዋቱ የሚውጥ፣ ግፊቱ ተስተካክሎ የሚኖር፣ የሚያወጣው ገንዘብ ያለው የ55 ዓመት ነጋዴ በሯ ላይ ቢመጣ ትመልሰዋለች። አንዱ ቃል ሲስት መግባት የሌለበት ይገባል፤ ሌላው ቃል ሲድበሰበስ ሊገባ የሚችለው ይመለሳል። አንባቢ የንግድ ሰው ስለሆነ የሁለተኛውንም ኪሳራ ያሰላዋል። ያ ነጋዴ የሚፈልገው ግልጽ ቃል ነው፦ ግፊትዎ በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ መግባት ይችሉ እንደሆነ ሐኪምዎን አንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ ሲገቡም ቆይታዎን ያሳጥሩ፣ ሲነሱ ቀስ ብለው ይነሱ፤ መድኃኒቱ ራሱ ግፊት ዝቅ ያደርጋልና።

ስኳርም እንዲሁ በአንድ ቃል ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በዚያው ገጽ ግርጌ «ሙቀቱ ከበዛብዎ ለባለሙያዋ ይንገሩ» የሚል ደግ ምክር አለ። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ግን እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ የደነዘዘ እግር ሙቀት በዛ አይልም። በጋለ ድንጋይ የሚደረገው ማሳጅ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ድንጋዩ ከ50 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ውኃ ሊወጣ ይችላልና ሰውየው ምንም ሳይሰማው ቆዳው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው የበሽታው ስም ብቻ ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ «እግርዎ ወይም እጅዎ ይደነዝዛል?» ሰው የበሽታውን ስም ባያውቅ እንኳ መደንዘዙን ያውቃል።

«ኧረ እንዲህ እያልክ ደንበኛዬን አታስፈራራብኝ» አለኝ ወዳጄ። አልተሳሳተም። ሰው ሊዝናና መጥቶ የሕመም ዝርዝር ቢነበብለት ሐኪም ቤት የገባ ይመስለዋል። ደግሞም በእኛ አገር ሙቅ ውኃ መድኃኒት ነው ተብሎ ነው የኖረው፤ ቁርጥማት ያለበት ፍል ውኃ ይሄዳል፣ ሴቶቹም ወይባ ይሞቃሉ። ለዚህ ሕዝብ «እንፋሎት ይጎዳሃል» ማለት ከባድ ነው። የወዳጄ ሜኑ ራሱ ነገሩን አባብሶታል፤ አገልግሎቶቹን ሁሉ «ሕክምናዎች» ብሎ ጠርቷቸዋል። ሕክምና ካላችሁት በሽተኛው ሊድን ይመጣል፤ ከታች ደግሞ በሽተኛ አይግባ ትሉታላችሁ። «አገልግሎት» ወይም «እንክብካቤ» ቢባል ግማሹ ጣጣ ይቀላል።

ተርጓሚው ግን ጨዋነትን የፈለገው በተሳሳተ ቦታ ነው። ሐረጉን አለሰለሰ፤ «ባይሆን ይመረጣል»፣ «ላይስማማ ይችላል» እያለ አደጋውን በጥጥ ጠቀለለው። በእኔ አስተያየት አደጋው አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው አጠራሩና አጠያየቁ ነው። እርግዝናን እንውሰድ። በእርግዝና መጀመሪያ ሳምንታት የእናት ገላ ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሲያልፍ የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ አፈጣጠር ላይ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ይታወቃል፤ ስለዚህ «ወደ እንፋሎት ክፍሉ አይግቡ» መባል አለበት፣ ያለ ምንም «ይመረጣል»። ችግሩ በነዚያ ሳምንታት ሴቲቱ ራሷ ላታውቅ ትችላለች፤ ብታውቅም ለማንም አልተናገረች ይሆናል። እንግዳ ተቀባይዋ ከአማቷ ጋር የመጣችን ሴት መደርደሪያው ላይ ተደግፋ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» ብትላት ጉዱ ያኔ ነው።

ስለዚህ ሁለታችን ተቀምጠን መስመሩን እንደገና ጻፍነው። እንዲህ ወጣ፦

«ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ልሆን እችላለሁ ብለው ካሰቡ፣ ትኩሳት ካለዎ፣ ወይም ዛሬ መጠጥ ከወሰዱ ወደ እንፋሎት ክፍል አይግቡ። የልብ ሕመም፣ የሚጥል ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ሲነሱ የሚያዞር ዝቅተኛ ግፊት ካለብዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። እግርዎ ወይም እጅዎ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ቆዳ የሚያቀላ ቅባት የሚጠቀሙ ከሆነ ለባለሙያዋ በግል ይንገሯት። ምክንያቱን መናገር ካልፈለጉ ‹ያለ እንፋሎት› ይበሉን፤ እሽታውን በለብታ ውኃ እናደርግልዎታለን።»

ቅባቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛው ላይ አልነበረም። ከእንዲህ ዓይነቱ ቅባት ብዙዎቹ ቆዳን ያሳሳሉ፣ የሞሮኮ ባዝ ሻካራ ጓንት ደግሞ የሳሳ ቆዳ ይልጣል። ተርጓሚ መጨመር አይገባውም የሚል ካለ ይሟገተኝ፤ እኔ ለባለቤቱ ነግሬ፣ እሱም ፈቅዶ ነው። «በሽታ» የሚለውን «ሕመም» ብያለሁ፤ «አንተ» እና «አንቺ» ሁሉ «እርስዎ» ሆነዋል፤ እርስዎ ወንድም ሴትም ስለሚጠራ አንዱ መስመር ለሁሉም ይበቃል። ሦስቱ ደረጃዎች ማለትም አይግቡ፣ ይጠይቁ፣ ይንገሩን የሚሉት እንዳይደባለቁ ተለያይተዋል፤ በፊተኛው ሜኑ ሁሉም በአንድ ሰረዝ ተደርድረው ነበር። የመጨረሻዋን «ያለ እንፋሎት» የምትለውን ግን ወዳጄ ነው የወደዳት፤ ደንበኛዋ ምስጢሯን ይዛ፣ እሱም ሽያጩን ይዞ ይቀራልና።

ከዚያ እንግሊዝኛውን ደብቀን አማርኛውን ብቻ ለሦስት ሰው ሰጠን፦ ለእንግዳ ተቀባይዋ፣ ገላ ለምታሸው ልጅና ለአንዲት ነርስ ጎረቤቱ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «በዚህ ወረቀት መሠረት ማን አይገባም?» ነርሷ በግፊቱ መስመር ላይ ነቀነቀች፤ «ግፊቱ በመድኃኒት ያልተስተካከለውን ከዚያ አውጥታችሁ ከአይግቡት ጋር አድርጉት፣ የተስተካከለው ይጠይቅ» ብላ አረመችን። እኔ ተርጓሚውን ስተች ቆይቼ ያቺኑ ቃል ራሴ ጥያት ነበር። ገላ የምታሸው ልጅ ደግሞ «መጠጥ ሲሉ ለስላሳም ነው?» አለች። «አልኮል ያለው መጠጥ» ተብሎ ታረመ።

የቀረን ክርክር የቦታ ነው። ወዳጄ መስመሩን በሜኑው መጨረሻ ገጽ፣ ከስልክ ቁጥሩ ሥር ሊከተው ይፈልጋል። እኔ ከዋጋው ጎን፣ በዋጋው ልክ ፊደል ይሁን አልኩ፤ ሰው መጨረሻውን ገጽ አያነብም፣ ዋጋውን ግን ሳያይ አይገባም። 500ውን ቅጂ አላስወግድም ብሎ ለጊዜው ለየአገልግሎቱ የሚለጠፍ ወረቀት ሊያሳትም ተስማምቷል። የጋለ ድንጋዩ ገጽ ገና ይቀረናል፤ ማክሰኞ ነርሷን ይዘን እንቀመጣለን።