ገጽ 14 ላይ የተቀበረው ውሳኔ

በየመሥሪያ ቤታችን ለበላይ አመራር የሚቀርበው የአፈጻጸም ሪፖርት ሥራ እየገደለ ነው። ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች፣ ቀጣይ ሥራዎች፤ ቅደም ተከተሉን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አቅራቢው ያነባል፣ አመራሩ ያዳምጣል፣ ሻይ ይመጣል፣ «በርቱ» ይባላል፣ ስብሰባው ይበተናል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሊወስነው የሚችለው አንድ ጉዳይ ግን ገጽ 14 ላይ፣ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርዕስ ሥር እንደተቀበረ ይቀራል። ይህ ያናድደኛል፤ ንዴቴም የቆየ ነው።

የማውቀውን ልናገር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ያስገነባ ነበር። የሁለቱ ሊፍቶች በጀት የተያዘው ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ነው። ያኔ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 120,000 ዶላር የሚያወጡት ሊፍቶች 6.84 ሚሊዮን ብር ተያዘላቸው። በ2017 የካቲት መጨረሻ ሪፖርቱ ሲቀርብ፣ በ130 ብር ቢሰላ፣ ያው ግዥ 15.6 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል። የጎደለው 8.76 ሚሊዮን ነው። ይህን ገንዘብ የመፍቀድ ሥልጣን ከዋና ሥራ አስኪያጁ በቀር ማንም አልነበረውም።

ሪፖርቱ ምን አለ? ሽፋኑ ላይ በትልቁ «አጠቃላይ አፈጻጸም 71 በመቶ» ይላል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? መሠረት 100፣ ስትራክቸር 98፣ ግንብና ልስን 81፣ ሊፍት 5። ተደመረ፣ ለአራት ተካፈለ፣ 71 ሆነ። ስሌቱ ስህተት የለበትም፤ ግን ከዚህ የበለጠ አሳሳች ቁጥር አላውቅም። ሦስቱ ሥራዎች ከአመራሩ ምንም አይፈልጉም፤ በራሳቸው እየሄዱ ነው። አራተኛው ቆሟል፤ እሱ ሲቆም የበሮቹ ዙሪያ ማጠናቀቂያ ይቆማል፣ የላይኞቹ ፎቆች ኪራይም አብሮ ይቆማል። አማካዩ አመራሩ ሊያየው የሚገባውን አንድ ነገር ሸፈነው። ገጽ 14 ላይ ደግሞ እንዲህ ተጽፏል፦ «የሊፍት ግዥ በሂደት ላይ ሲሆን የበጀት እጥረት ያጋጠመ በመሆኑ የበላይ አመራር አቅጣጫ እንዲሰጥበት።» ስንት ብር እንደጎደለ የለም። እስከ መቼ እንደሚፈለግ የለም። ማን እንደሚወስን የለም። የሊፍት አቅራቢው ፕሮፎርማ መጋቢት 20 ላይ ጊዜው እንደሚያበቃም አልተጻፈም። ስብሰባው «ትኩረት ይሰጠው» ብሎ አለፈ። ፕሮፎርማው ጊዜው አለፈ። አቅራቢው በ132,000 ዶላር ተመለሰ። ልዩነቱ በዚያው ምንዛሪ 1.56 ሚሊዮን ብር ነው፤ በአንድ ያልተጻፈ ቀን ምክንያት የተከፈለ ገንዘብ።

ያ ሪፖርት የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ይህን ብቻ ይዞ መምጣት ነበረበት፦

«ከዋና ሥራ አስኪያጁ እስከ መጋቢት 10 የሚፈለግ ውሳኔ፦ ለሁለቱ ሊፍቶች ግዥ ተጨማሪ 8.76 ሚሊዮን ብር እንዲፈቀድ። የአቅራቢው ዋጋ የሚጸናው እስከ መጋቢት 20 ነው፤ በመሃል ያሉት ቀናት ኤልሲ ለማስከፈት ያስፈልጋሉ። እስከዚያ ካልተወሰነ አዲስ ዋጋ እንጠይቃለን፤ ከ4ኛ ፎቅ በላይ ያለውን ክፍልም በያዝነው ዓመት አናከራይም።»

ቀኑ ከየት እንደመጣ ልብ በሉ። መጋቢት 10 የተመረጠው ለሪፖርት አቅራቢው ስለተመቸ አይደለም፤ ከመጋቢት 20 ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። ምክንያት የሌለው «በአስቸኳይ» ማንንም አያስቸኩልም፤ አለቆች በየቀኑ ይሰሙታል። በፕሮፎርማ ላይ የታተመ ቀን ግን ያስቸኩላል።

ከዚያ አማራጮቹ ይከተላሉ። አንደኛው ሁለቱንም አሁን መግዛት ነው፤ 8.76 ሚሊዮን ይጨመራል። ሁለተኛው አንዱን አሁን ገዝቶ የሌላውን ሻፍት ዘግቶ ማቆየት ነው፤ 7.8 ሚሊዮን ስለሚወጣበት ከበጀቱ በላይ የሚፈለገው 960 ሺህ ብር ብቻ ነው። ሦስተኛው መጠበቅ ነው። መጠበቅም ዋጋው ከጎኑ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ አመራሩ አለመወሰን በነፃ የሚገኝ ይመስለዋል። በመጨረሻም ሪፖርት አቅራቢው በስሙ ይቁም፦ «የእኔ ሐሳብ አንደኛው ነው፤ ምክንያቱም ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያለ አንድ ሊፍት ለጥገና በቆመ ቁጥር ሕንፃው ይቆማል፤ ሁለተኛውን በኋላ ብናመጣም ማጓጓዣውንና ተከላውን እንደገና እንከፍላለን።» ሥራ አስኪያጁ በሐሳቡ ላይስማማ ይችላል፤ ገንዘብ ከሌለው ሁለተኛውን አማራጭ ይመርጣል። ያም ውሳኔ ነው፤ ሥራው ይንቀሳቀሳል።

ታዲያ ለምን አይጻፍም? እንዳይባል ቢፈለግም እላለሁ፤ ከፍርሃት የተነሣ ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለን ያደግን ሰዎች የአለቃን ስምና ቀን በወረቀት አስፍሮ «ወስን» ማለት ድፍረት ይመስለናል። «አቅጣጫ ይሰጥበት» ማለታችን ግን ትሕትና አይደለም፤ ነገ ሲጠየቁ «ሪፖርት አድርጌ ነበር» ለማለት የተዘጋጀ መሸሸጊያ ነው። አለቃው በጽሑፍ መጠየቁን የሚጠላ ከሆነ አስቀድሞ ቢሮው ገብቶ በቃል መንገር ይቻላል። ሳይነግሩት በስብሰባ ፊት ማጋፈጥ እውነትም ነውር ነው። ነግሮት መጻፍ ግን ሥራ ነው።

ፋይናንስ ኃላፊውም እንደዚሁ ቀድሞ ይነገረው። ምንዛሪው በ130 ይሰላ ወይስ በ128 የሚለው ክርክር ስብሰባ ውስጥ ከተነሣ ሰዓቱ በዚያ ያልቃል፣ ውሳኔውም ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ሪፖርት አቅራቢውና እሱ ቁጥሩን አስቀድመው ከተስማሙበት ክርክሩ በአማራጮቹ ላይ ይሆናል፤ መሆን ያለበትም እዚያ ነው።

በሌላው ጽንፍም እቆጣለሁ። በገዛ ሥልጣኑ የሚጨርሰውን የቀለም ምርጫና የጥበቃ ሠራተኛ ቅጥር ወደ ላይ የሚያንከባልል ኃላፊ ተጠያቂነትን እየበተነ ነው። ከአመራሩ የሚፈለግ ነገር ከሌለም «በዚህ ወር ከእናንተ የምንፈልገው ውሳኔ የለም» ብሎ ወረቀቱን መላክ ይበቃል፤ አሥር ሰው ለግማሽ ቀን አይሰብሰብ።

«ቅጹ የመጣው ከላይ ነው፣ በመቶኛውን ቦርዱ ይፈልገዋል» ይሉኛል። ይፈልገው። ሠንጠረዡ በሙሉ ከኋላ ይያያዝ፣ ማንም አይከለክልም። እኔ የምጠይቀው የፊተኛውን ገጽ ነው።

ለእናንተም ለሥራ አስኪያጆች የምለው አለኝ። 71 በመቶ ሲነበብላችሁ «ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ? እስከ መቼ?» ብላችሁ አቋርጡ። የወሰናችሁትን፣ የሚያስፈጽመውን ሰውና ቀኑን እዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩ፤ «ውይይት ተደርጎበታል» የሚል ቃለ ጉባኤ አትፈርሙ። የሚቀጥለው ወር ሪፖርትም በአዲስ በመቶኛ አይጀምር። ባለፈው ወር የወሰናችሁት ተፈጽሞ እንደሆነ፣ ኤልሲው ተከፍቶ እንደሆነ፣ ካልተከፈተም ማን ጋ እንደቆመ በመጀመሪያው መስመር ይነበብላችሁ።