ሁለቱንም ጎን ስላመመ «ማይግሬን አይደለም» አይባልም

ብዙዎቻችሁ ማይግሬን ግማሽ ጭንቅላትን ብቻ ያማል ብላችሁ ታስባላችሁ። አዎ፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። እኔ ግን የሚያመውን ቦታ ብቻ አይቶ መለየት ያሳስታል ባይ ነኝ።

አንዲት የ21 ዓመት ተማሪ ግንባሯንም ማጅራቷንም፣ በሁለቱም ጎን ያማት ነበር። «የፈተና ጭንቀት ነው» ተብላ ፓራሲታሞል ስትውጥ ከረመች። «ሲያምሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት ግን ነገሩ ተለወጠ። መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች። ደረጃ ስትወጣ ይብስባታል፤ የወጥ ሽታ ያቅለሸልሻታል። ጠዋት የጀመራት እስከ ማግስቱ ይቆይና ይለቃታል፤ ከዚያ ለሳምንታት ደህና ትሆናለች። ይህ ማይግሬን ነው፤ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል።

የውጥረት ራስ ምታት ጭንቅላትን በሻሽ ጥብቅ አድርገው እንዳሰሩት ነው የሚይዘው። ከግማሽ ሰዓት እስከ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ቢያስቸግርም መራመድ አያባብሰውም፣ አያስመልስም።

ወላጆች፣ «ስልክ ስለምታበዛ ነው» ከማለታችሁ በፊት ልጃችሁ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ አስተውሉ። የጀመረበትንና የለቀቀበትን ሰዓት፣ ማቅለሽለሹንና የዋጠውን መድኃኒት ለአንድ ወር ጽፋችሁ ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒቱን የምጽፈው አለምክንያት አይደለም፤ ፓራሲታሞልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

በድንገት የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ ወይም የእጅ እግር መዛል ካለ ግን ማስታወሻ መያዙን ተዉት፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።